ቂሮስ በኢሳይያስ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል?

ኢሳይያስ ንጉሥ ዖዝያን በሞተበት ዓመት ራእይ እንዳየ መጽሐፉ ይነግረናል። ይህ ከክርስቶስ ልደት በፊት 740 አካባቢ ነው። የዘመኑ አስፈሪ ኃይል አሦር ነበር። ምዕራፍ 40 ላይ ስንደርስ ግን አሦር ከመድረኩ ወርዷል፣ ሕዝቡ ባቢሎን ነው፣ ኢየሩሳሌም ፈርሳለች። ምዕራፍ 44 መጨረሻና 45 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የፋርሱ ቂሮስ በስሙ ይጠራል። ቂሮስ ባቢሎንን የያዘው በ539 ነው። በመካከሉ ሁለት መቶ ዓመት አለ።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ስም ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። አንዱ «ያልተወለደ ንጉሥ በስም አይጠራም» ይላል፤ ሌላው «እግዚአብሔር ይሳነዋል ወይ?» ብሎ ይመልሳል፣ በመጽሐፈ ነገሥትም ኢዮስያስ አስቀድሞ በስም እንደተጠራ ያስታውሳል። በዚህ መንገድ ማንም ማንንም አያሳምንም፤ ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ተአምር እንጂ ስለ መጽሐፉ አይደለምና።

ጠቃሚው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ምርኮውን ይተነብየዋል ወይስ ከውስጡ ሆኖ ይናገራል? ምዕራፍ 39 ላይ ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ ሀብቱ ወደ ባቢሎን የሚወሰድበት ዘመን እንደሚመጣ ይነግረዋል። ይህ ትንቢት ነው፣ የሚናገረውም ስለሚመጣ ነገር ነው። ከምዕራፍ 40 ጀምሮ ግን «ትማረካላችሁ» የሚል የለም፤ ቅጣታችሁ አብቅቷል፣ ተነሡ፣ ውጡ ነው የሚባለው። ምዕራፍ 41 ከምሥራቅ የተነሣውን ድል አድራጊ ለጣዖታት ክርክር ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። ማስረጃ ደግሞ አድማጩ ካላወቀው ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ምዕራፍ 46ን እንይ። የባቢሎን አማልክት ቤልና ናባው በከብት ጀርባ ተጭነው ወደ ምርኮ ሲሄዱ ይታያሉ። ምዕራፍ 47 ላይ ከተማዋ ትቢያ ላይ ትቀመጣለች። በ539 የሆነው ግን ሌላ ነው። በባቢሎናውያን ዜና መዋዕል መሠረት የቂሮስ ሠራዊት ከተማዋን ያለ ውጊያ ገባ። በ1879 የተገኘው፣ ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም ያለው የሸክላ ጽሑፉም ቂሮስን የመረጠው የባቢሎን አምላክ ማርዱክ (ቤል ማለት እሱ ነው) እንደሆነ ይናገራል። አምላኩ አልተማረከም፤ እንዲያውም ተከበረ።

ነገሩን ያየ ሰው ምዕራፍ 46ን እንዲህ ይጽፈዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ ምሁራን ይህን ክፍል የሚያስቀምጡት የቂሮስ ዝና ከተሰማ በኋላ፣ ባቢሎን ግን ሳትወድቅ፣ ማለትም ከ539 ጥቂት ዓመታት አስቀድመው ነው። «ዘመኑን ዝቅ የሚያደርጉት ትንቢትን ለማጥፋት ነው» የሚለው ክስ እዚህ ላይ አይሠራም። ቀኑ የተገኘው ጸሐፊው ገና ስላልሆነ ነገር በመናገሩ ነውና። የአንድ ደራሲ ወገኖች መልስም አለ፤ ቃሉ ቅኔ ነው፣ የጣዖታትን ውርደት ለመናገር ታሪካዊ ዝርዝር አያስፈልገውም ይላሉ።

እነሱም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። «የእስራኤል ቅዱስ» የሚለው የእግዚአብሔር መጠሪያ በመጽሐፉ ውስጥ 25 ጊዜ ያህል ይገኛል፣ በሁለቱ ክፍሎች እኩል በሚባል ደረጃ። በቀሩት የብሉይ መጻሕፍት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሁለተኛ ጸሐፊ ከነበረ በኢሳይያስ ቃል ያደገ ሰው መሆን አለበት። ከምዕራፍ 39 ላይ በቢላ መቁረጥም አያዋጣም፤ የኢሳይያስን ስም በርእሱ የያዘው ምዕራፍ 13 ስለ ባቢሎን ውድቀት ይናገራል። በርንሃርድ ዱም በ1892 ከምዕራፍ 56 ጀምሮ ሦስተኛ ሰው አለ ያለው ደግሞ ከሁሉም ደካማው ነው፤ እዚያ የሚሰማው የአንድ ሰው ድምፅ አይመስልም።

በ1947 ኩምራን የተገኘው ጥቅልልም ብዙ ጊዜ እንደ መጨረሻ መልስ ይጠቀሳል። እውነት ነው፣ ምዕራፍ 40 የሚጀምረው በዓምዱ የመጨረሻ መስመር ላይ ነው፤ ገልባጩ አዲስ መጽሐፍ እንደጀመረ የሚያሳይ ምልክት የለም። ግን ጥቅልሉ የተገለበጠው ከምርኮው አራት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የሚመሰክረው መጽሐፉ ያኔ እንደ አንድ ይነበብ እንደነበር ነው። በእኛ ቀኖና ያለው መጽሐፈ ሲራክም በጽዮን የሚያለቅሱትን ያጽናና ኢሳይያስ ነው ሲል ይህንኑ ይመሰክራል። ሁለቱም ስለ አነባበቡ ይናገራሉ፣ ስለ አጻጻፉ አይናገሩም።

ለክርስቲያን አንባቢ ከጥቅልሉ ይልቅ የሚከብደው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ነው። ወንጌላዊው ከኢሳይያስ 53 እና ከኢሳይያስ 6 ተከታትሎ ጠቅሶ፣ ኢሳይያስ ይህን ያለው ክብሩን ባየ ጊዜ ነው ይላል። «በመጽሐፉ ስም መጥራቱ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ለሌሎች ጥቅሶች ይበቃ ይሆናል። እዚህ ግን ወንጌላዊው የሚናገረው ስላየ ሰው ነው፤ ሁለት ኢሳይያስ የሚሉ አማኝ ምሁራን ሊያብራሩት የሚገባቸው ይህን ነው።