የቡና ወራት ገንዘብ ለክረምት እንዲደርስ



እኛ ቤት ሁለት ገቢ አለ፣ ሁለቱም የቀን ነው። አንዳችን ጅማ ከተማ በቡና መጋዘን ጆንያ እንሸከማለን፣ አንዳችን ቡና እንለቅማለን። ሦስት ልጆች አሉን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከጌራ ቡና የጫኑ መኪኖች ሲመላለሱ፣ በሳምንት ስድስት ቀን እንሠራለን። ሐምሌ ላይ ግን ሁለት ቀን ከተገኘ አልሐምዱሊላህ ነው።

መጀመሪያ በጀት ያወጣን ጊዜ ያደረግነው ቀላል ነበር። ያለፈውን ዓመት ገቢ ደመርን፤ 99,300 ብር ሆነ። ለ12 ስናካፍለው በወር ወደ 8,200 ብር ደረሰንና «በዚህ እንኖራለን» አልን። ሒሳቡ ትክክል ነበር፣ ግን የጀመርነው በሚያዝያ ነው! በሚያዝያና በግንቦት የገባው 7,500 ብር ብቻ ነበር። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ በየወሩ 5,600። የጎደለውን ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ሞላነው። መስከረም ሲያልቅ ባለሱቁ ደብተር ላይ 9,900 ብር ተጽፎብን ነበር፤ የጥቅምትና የኅዳር ትርፋችን በሙሉ ወደዚያ ሄደ። አማካይ የሚሠራው ወፍራሙ ወር ቀድሞ ሲመጣ ነው። ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ከቀጭኑ ወር ከጀመርክ፣ ገና ያልገባ ገንዘብ እየበላህ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ከወጪው ጀመርን። ቤቱ ሳይዘጋ ለመኖር በወር ስንት ይበቃል? ኪራይ 2,000፣ እህል 2,400፣ ዘይትና ሽንኩርት፣ ሽሮና ቡና 1,800፣ የቀረው ለከሰል፣ ለሳሙና፣ ለመብራትና ለልጆቹ መድረሳ፤ ሁሉም 7,500 ሆነ። ይህ በክረምቱ ሦስት ወር በየወሩ 1,900 ይጎድላል፣ ባንድ ላይ 5,700። ጳጉሜንንም አትርሱ፦ አከራያችን ኪራይ አይጠይቅባትም፣ ሆድ ግን ይጠይቃል። በቀን 140 ብር ምግብ ብንል አምስቱ ቀን 700 ነው። ለመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም 3,000፣ ለረመዷንና ለዒድ 4,000 ጨመርን። በዒዱ ውስጥ ዘካተል ፊጥርም አለ፤ አምስት ነፍስ ነን፣ ለአንድ ሰው ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ እህል ቢታሰብ እስከ 15 ኪሎ ይደርሳል፣ ከሰላት በፊት መድረስ አለበት።

ድምሩ 13,400 ብር ነው። በቡናው ሦስት ወር በየወሩ 12,500 ይገባል፣ 7,500 ይወጣል፣ 15,000 ይተርፋል። ከክረምቱ ጉድለት በኋላ 1,600 ብር ለሕመም ትቀራለች። ይህን ስናይ ነው በኅዳር ቴሌቪዥን መግዛት ያልቻልነው፤ ልጆቹ ዛሬም ያነሱብናል።

ከቁጥሩ የከበደን ግን ገንዘቡ በየማታው በእጅ መግባቱ ነበር። ኪስ ውስጥ ያደረ የቀን ክፍያ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ የማታው ክፍያ ሳይነካ ሣጥን ይገባል፣ ሣጥኑ የሚከፈተው በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ፣ ለገበያ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው የኪራዩ ሩብ 500 ብር ነው፤ ለብቻው በፖስታ ይቀመጣል። ቀጥሎ የአስቤዛው። የቡና ወራት ትርፍ ግን ቤት አይቆይም፤ ከወለድ ነፃ ባንክ፣ ወዲዓ ሒሳብ ውስጥ እናስገባዋለን። በአንድ ሳምንት ሣጥኑ ሁለቴ ከተከፈተ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ያን ማታ ቁጭ ብለን ደብተሩን እናያለን።

ዕቁብም ሞክረናል። በኅዳር ሞቅታ በሳምንት 800 ገባንና በየካቲት መክፈል አቃተን፣ ከዘመድ ተበድረን ጨረስን። አሁን የምንገባው በክረምት ሳምንት እንኳ የማያስቸግረንን ብቻ ነው፤ 150 ብር። ትንሽ ነች፤ ጓደኞቻችን ይስቁብናል።

ይህ ሁሉ የማይፈታው ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ ገቢው ከወጪው ካነሰ የትኛውም ሣጥን አይሞላውም፤ ያኔ የሚታየው ኪራዩ ነው፣ ወይም ሌላ ሥራ። ቡናም እንደሰው ነው፣ አንድ ዓመት በብዛት ካፈራ በቀጣዩ ያርፋል፤ የመጋዘኑም ሥራ አብሮ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ያለፈውን ኅዳር ለዘንድሮው እንዳለ የማንገለብጠው። ጥቅምት ላይ ከገጠር የሚመጡትን ስለ ዛፉ እንጠይቃለን፣ «ዘንድሮ ቀለል ይላል» ካሉን 12,500ውን 10,000 ብለን እንጽፋለን። ያኔ ትርፉ 7,500 ብቻ ስለሚሆን የዒዱ ልብስ ይቀራል፣ ዩኒፎርሙም ይታደሳል እንጂ አይገዛም።

ረመዷንም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ይቀድማል። በ2016 መጋቢት ላይ ነበር የገባው፣ በ2018 የካቲት፤ በ2022 ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይገባል። እስካሁን የቡና ገንዘብ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነበር የሚመጣው። ከ2022 በኋላ ባሉት ዓመታት ግን በጾም ጆንያ ልንሸከም ነው፣ የዒዱንም ወጪ ትርፉ ሳይሞላ ልናወጣ። ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምረን ለዒድ የሚሆነውን 4,000 ከታኅሣሥ ሳይሆን ከጥቅምት ክፍያ ላይ መለየት ይዘናል፤ በሳምንት 1,000፣ ለአራት ሐሙስ።