«ቲቸር፣ ይቺን ርክክብ አንዴ ይዩልኝ»

ሰኔ 2017 ላይ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። በአንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሒሳቡንም ጥሬ ገንዘቡንም ብቻዋን ይዛ አራት ዓመት ሠርታለች። «ቲቸር፣ ልለቅ ነው። የርክክብ ማስታወሻዬን ቢያዩልኝ» አለች።

ድሮ የምንገናኘው ካዛንቺስ ነበር። 2017 ሲገባ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቡና የምንጠጣባት ቤት ፈረሰች፣ ቢሮዋም ወደ መስቀል ፍላወር ተዛወረ። ስለዚህ ቅዳሜ ሰኔ 21 ስታዲየም አካባቢ ቁጭ አልን። አራት ገጽ አውጥታ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«የፔቲ ካሽ ጉድለትን በተመለከተ፣ ከእኔ ፈቃድ ውጪ በሥራ አስኪያጁ የቃል ትዕዛዝ በተደጋጋሚ ገንዘብ ሲወጣ የነበረ መሆኑ እንዲታወቅልኝ እያሳሰብኩ፣ ለዚህ ጉዳይ ኃላፊነት የማልወስድ መሆኔን ከወዲሁ እገልጻለሁ።»

«ስንት ብር ነው የጎደለው?» አልኳት።

ዝም አለች። «ቆጥራችኋል?» አላልቆጠሩም። «ታዲያ ጉድለት አለ ያለው ማነው?» ማንም አላለም! ይሉኛል ብላ ፈርታ ቀድማ ራሷን ተከላከለች። ይህን ወረቀት የሚያነብ ሰው የሚይዘው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ገንዘብ ጎድሏል፣ እሷም እኔ የለሁበትም ብላለች።»

ሰኞ ሰኔ 23 ከሥራ አስኪያጁና ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ቆጠሩ። ከዚያ አንቀጹን እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦

«የፔቲ ካሽ ጣሪያ 20,000 ብር ነው። ሰኔ 23 ቀን 2017 ሲቆጠር በካዝና 11,430 ብር፣ ደረሰኝ ያለው ወጪ 6,720 ብር፣ ደረሰኝ ያልተያያዘበት ወጪ 1,850 ብር ተገኝቷል። ይኸኛው በቫውቸር 0412 (600 ብር)፣ 0419 (500 ብር) እና 0427 (750 ብር) ለትራንስፖርት የተከፈለ ነው፤ የወሰዱት ሠራተኞች ፈርመዋል። የሚቀረው ደረሰኙን መቀበል፣ ካልተገኘም በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ማጽደቅ ነው። የቆጠራው ቅጽ ተፈርሞ ተያይዟል።»

ደምሩት፤ 20,000 ይመጣል። ጉድለት የሚባል ነገር አልነበረም። «ኃላፊነት አልወስድም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር እሷን ነጻ የሚያወጡትን ሦስት ቫውቸሮች ሸፍናቸው ነበር። መከላከያ አድርጋ የጻፈችው ነገር ተጠርጣሪ ነበር ያደረጋት።

ሁለተኛው ገጽ ስለ ፋይሎች ነው። «ቢሮው ሲዛወር ፋይሎች እንዳይበታተኑ ደጋግሜ ብናገርም ሰሚ አላገኘሁም...» እያለ ይቀጥላል። አመንኳት። ካዛንቺስን ለቆ የወጣ ሁሉ የዚያን ሰሞን ጥድፊያ ያውቀዋል። ግን ሐምሌ 1 ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ማን ሰማ ማን አልሰማ ምን ያደርግለታል? እሱ የሚፈልገው ካርቶኑ የት እንዳለ ነው። «እስቲ ስንት ካርቶን ነበር?» ብዬ ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ ይቺ ወጣች፦

«ከካዛንቺስ 14 ካርቶን መጥቷል። 11ዱ ተከፍተው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ሦስቱ እንደታሸጉ ዕቃ ክፍል አሉ፤ የ2014 እና የ2015 የክፍያ ሰነዶች ናቸው። የጥር 2015 ቦክስ ፋይል እስካሁን አልተገኘም። መጀመሪያ ሦስቱን ካርቶኖች ይፈትሹ፤ እዚያ ከሌለ የባንክ ስቴትመንቱን ከባንኩ ጠይቀው የወሩን ክፍያዎች ዝርዝር ያዘጋጁ።»

ልብ በሉ፣ የጠፋው ፋይል አልተደበቀም። ጨዋ ማስታወሻ ማለት የማይመቸውን መሰረዝ አይደለም። ዛሬ ብትዘለው በኋላ ኦዲተር ሲጠይቅ «ደብቃ ሄደች» ነው የሚባለው።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ገጽ ጨርሼ «የሰኔ ወር የደመወዝ ግብርና ጡረታስ?» ብዬ ጠየቅኳት። ደነገጠች። አልተጻፈም! ወሩ ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ማለትም እስከ ሐምሌ 30 መከፈል አለበት፤ ከዘገየ ቅጣት አለው። እሷ የምትወጣው ሰኔ 30 ነው። የኢንተርኔት ባንኪንጉ ማረጋገጫ ኮድም የሚመጣው በእሷ የግል ስልክ ነበር። ማለትም ተተኪው ክፍያ ሊፈጽም ቁጭ ሲል ኮዱ እሷ ቦርሳ ውስጥ ይጮኻል። አራት ገጽ ሙሉ ስላለፈው ስታስብ የሚመጣው ወር ተረሳ።

ይህን ከሁሉ በላይ፣ አንደኛ ተራ ላይ አደረግነው፤ ቀኑን፣ የፔይሮሉ ፋይል የት እንዳለ፣ ስልኩ እንዲቀየር ለባንኩ የሚጻፈውን ደብዳቤ ማን እንደሚፈርም። የይለፍ ቃል ግን ማስታወሻ ላይ አይጻፍም። ወረቀቱ ኮፒ ይደረጋል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። እዚያው ቁጭ ብለው ተረካቢው አዲስ ያወጣለታል።

«ቲቸር፣ ታዲያ የደረሰብኝ ነገር የትም ላይጻፍ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በስልክ «ክፈዪ» እየተባለች፣ ፊርማ ስትጠይቅ እየተቆጧት ነው የሠራችው። ይህ ሁለት ቦታ አለው አልኳት። አቤቱታው ለብቻው ደብዳቤ ይሆናል፤ ቀንና ቫውቸር ቁጥር ጠቅሶ ለሥራ አስኪያጁ ገቢ ይደረጋል፣ ኮፒው ላይ ማኅተም ተመትቶ እጇ ላይ ይቀራል። ርክክቡ ላይ ደግሞ ለተተኪው የሚጠቅመው ብቻ ይገባል፦ «የክፍያ ትዕዛዝ በስልክ ሲመጣ በዚያው ቀን የክፍያ መጠየቂያ ቅጹን ማስፈረም ጥሩ ነው፤ ካደረ ይረሳል።» ማንንም አልከሰሰችም፣ ግን ልጁን ከዚያው ጉድጓድ አዳነችው።

ምስጋናም አስገባን። እሷ «ለሁሉም ባልደረቦቼ ከልብ አመሰግናለሁ» ብላ ነበር። ወደዚህ ቀየርነው፦ «የአቅራቢዎችን ሒሳብ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የግዥ ባልደረባችን ነው፤ ብዙ ጊዜ አግዞኛል፣ ግራ የገባዎትን ይጠይቁት።» ልጁ ሰውዬውን አከበረችው፣ ተተኪውም ማንን እንደሚጠይቅ አወቀ።

ይህ ሁሉ ለወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል ሲቋረጥ ቀሪ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ግን ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ከቆየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። «ጉድለት» የምትል ቃል በገዛ እጅህ ጽፈህ አስረክበህ፣ ቆጠራው ሳይፈረም ብትወጣ፣ ገንዘብህን ለመያዝ ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያቱን አቀበልከው ማለት ነው።

አራቱ ገጽ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ በየገጹ ፈረሙ፤ አንዱ ኮፒ የእሷ ነው። ክፍያዋንም የሥራ ልምዷንም በሳምንቱ ወሰደች።

ሐምሌ ውስጥ አዲሱ ልጅ አንዴ ብቻ ደወለላት። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ የት እንዳለ ሊጠይቃት ነው። እሱን መጻፍ ረስተን ነበር።