የ1ኛ ክፍል ልጅ ጆሮ እንዴት ይፈተናል?



ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ማንበብ ጀምሯል ማለት አይቻልም። በገበታው ላይ 33 ሆሄያት በ7 ቤት ተደርድረው 231 ፊደላት ይሆናሉ። ልጅ ደግሞ ዜማ ቶሎ ነው የሚይዘው። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ የጀመረውን እስከ «ፖ» ድረስ ሳይተነፍስ ይወርደዋል። መሐል ላይ አስቁመን አንዷን ፊደል ብቻ ብንጠይቀው ግን ከረድፉ መጀመሪያ ተነሥቶ ካልመጣ በስተቀር አያገኛትም። ክፍሉ በኅብረት ሲቆጥርማ ማን እንደቆጠረና ማን አፉን ብቻ እንዳንቀሳቀሰ መለየቱ ጭንቅ ነው።

በማስተማር ልምምድ ወቅት ለክትትል የተሰጡኝን የ1ኛ ክፍል ሕፃናት ያየኋቸው በዚህ ምክንያት በገበታው ሳይሆን በጆሯቸው በኩል ነው። ነገሩ የድምፅ ግንዛቤ ይባላል። ይኸውም ልጁ ቃሉን ከትርጉሙ ነጥሎ እንደ ድምፅ መስማቱ፣ መቆራረጡና መልሶ መግጠሙ ነው። ለአንድ ሕፃን «ባቄላ» ማለት ተቆልቶ የሚበላው ነገር ነው፤ አለቀ። ለማንበብ ግን ያ ስም ባ፣ ቄ፣ ላ የሚባሉ ሦስት ቁራጮች እንዳሉት መስማት አለበት። ይህን ያልሰማ ልጅ ሦስቱን ፊደላት ለየብቻ ቢያውቃቸው እንኳ አንድ ላይ ሲያያቸው ቃል አይሆኑለትም።

በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን በ6 ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ 2ኛ ክፍልን እያገባደዱ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ያቃታቸው ሕፃናት ብዙ ሆነው ተገኝተዋል። ያ ምዘና የተሰጠው ለ2ኛና ለ3ኛ ክፍል ነበር። የጆሮ ሙከራው ግን ፊደል ስለማይጠይቅ 1ኛ ክፍል በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊሠራ ይችላል። ያን ጊዜ የተገኘ ችግር ገና ለመያዝ ይመቻል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። የሚያስፈልገው 3 የለስላሳ ቆርኪና አንድ ደብተር ብቻ ነው። ሙከራዎቹ አራት ሲሆኑ ለእያንዳንዱ 5 ጥያቄ ይበቃል።

የመጀመሪያው መቁረጥ ነው። መምህሩ «ዶሮ» ይልና «ዶ»፣ «ሮ» እያለ ሁለት ቆርኪ ያስቀምጣል። ከዚያ ልጁ በሌላ ቃል በተራው ይሞክራል። ሁለተኛው መግጠም ነው። መምህሩ «ሎ»፣ ትንሽ ቆይቶ «ሚ» ይላል፤ ልጁ ምን እንደተባለ ይናገራል። ይህን በእንቆቅልሽ መልክ ማቅረብ ይቻላል። «እንቆቅልሽ» ሲባሉ «ምን አውቅልህ» እያሉ ይስቃሉ እንጂ መፈተናቸው ትዝም አይላቸው። ሦስተኛው መለየት ነው። ሦስት ቃላት ተነግረውት በመነሻው ድምፅ ከሌሎቹ የማይገጥመውን ያወጣል። አራተኛውና ከባዱ መጣል ነው። «ከበሮ በል። አሁን ከ የምትለዋን ጣልና በለው» ሲባል «በሮ» ማለት አለበት።

የቃሉ ምርጫ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አማርኛችን በጽሑፍ ሁለት ፊደል የሆነውን በአፍ አንድ ጊዜ የሚለው ብዙ ቃል አለው። «ልብ» እና «ብር» እንዲህ ናቸው። ሳድሱ «ብ» በ«ልብ» መጨረሻ ላይ አናባቢ ስለሌለው ካለፈው ጋር ተጣብቆ ይነገራል። ስለዚህ ለ«ልብ» አንድ ቆርኪ ያስቀመጠ ልጅ ጆሮው በትክክል ነው የሰማው፤ ሁለት ያስቀመጠውም ምናልባት ፊደሉን አስታውሶ ይሆናል። የሚጠብቅ ቃልም እንዲሁ ያምታታል። «ቡና» ስንል የ«ና» ድምፅ ጠብቆ ከፊተኛውም ከኋለኛውም ጋር ይያያዛል፤ በጽሑፉ ላይ ግን መጥበቁ አይታይም። ለመጀመሪያ ሙከራ ዶሮ፣ ሎሚ፣ በሬ፣ ባቄላ፣ ከበሮ ዓይነቶቹ የተሻሉ ናቸው። የአፉም የጽሑፉም ቁጥር አንድ ነውና። በተጨማሪም ልጁ ቃሉን ማወቁን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ቢሳሳት፣ የጎደለው ጆሮ ይሁን ቃል አይታወቅም።

አሁን ስማቸውን ሳልጠራ ስለ ሦስት ሕፃናት ላውጋችሁ።

አንዲቱ የ7 ዓመት ልጅ ነች። ፊደል ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ትወርደዋለች። ቆርኪው ሲቀርብላት ግን ለዶሮ አንድ፣ ለሎሚ አንድ፣ ለባቄላም አንድ አስቀመጠች። ከ5 ያገኘችው በሬን ብቻ ነው። «ባ፣ ቄ፣ ላ» ስላት መልሷ «ላ» ሆነ፤ የመጨረሻዋን ቁራጭ ብቻ ይዛ። በመለየት ላይ ያደረገችው ደግሞ በጣም የሚያስተምር ነው። «ዶሮ፣ ዶማ፣ በሬ፤ የማይገጥመው የቱ ነው?» አልኳት። «ዶማ» አለች። ለምን ብላት «እነሱ እንስሳ ናቸዋ!» አለች። ማሰቧ እኮ ልክ ነው! ግን ያሰበችው በትርጉሙ ነው፤ ዶሮና ዶማ በ«ዶ» መነሣታቸውን ጆሮዋ አልያዘውም። በሌላ ምሳሌ የቃሎቹን መነሻ ጎላ አድርጌ ባሳያትም መልሷ ያው በትርጉም ሆነ። በመጣል ምንም አላገኘችም።

ከጎኗ የሚቀመጠው ልጅ በተቃራኒው ገበታው ላይ ከ«ለ» ብዙም አልራቀም። ክፍሉ ሲቆጥር ወለል ወለሉን ያያል። በሙከራው ግን በመቁረጥ 5፣ በመግጠም 4፣ በመለየት 4፣ በመጣል 2 አገኘ። በገበታ ቆጠራ ቢሆን ጎበዝ የምትባለው እሷ ነበረች፤ እሱ ደግሞ ሰነፍ ይባል ነበር። እሱ ያጣው ፊደሉን ነው፤ ለዚያ የሚሆነው ጆሮ አለው።

ሦስተኛው ልጅ በመቁረጥ 2፣ በመግጠም 2፣ በመለየት 1፣ በመጣል 0 አገኘ። ከልጅቱ ጋር እጅግም የሚራራቅ አይደለም። እንዲያው ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱንም በአንድ መዝገብ ይጽፋቸዋል። ሁለቱም መዋዕለ ሕፃናት አልገቡም፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ ያጫወታቸው ሰው አልነበረም። ያልተማሩትን ስለጠየቅናቸው ቢሳሳቱ ምን ይገርማል? የመጀመሪያው ሙከራ ያልተማረውን ልጅና የከበደውን ልጅ አይለያቸውም። የሚለያቸው ከመካከል የሚገባው ትምህርት ነው።

ስለዚህ ለ3 ሳምንት በየቀኑ 10 ደቂቃ ለሁሉም ተሠራ። መጀመሪያ በሁለት ቁራጭ ቃላት፣ ቀጥሎ በሦስት፣ ቆርኪውን በጣት እየገፉ። ከዚያ ተመሳሳይ ሙከራ በአዲስ ቃላት ተሰጠ። መቁረጡ ለምሳሌ በሜዳ፣ ዋሻ፣ ቀበሮ፣ ተማሪና ጉማሬ ሆነ። ቃላቱ መለወጣቸው ግድ ነው፤ አለዚያ የቀደሙትን መልሶች በቃላቸው ይዘው ያታልሉናል። ልጅቱ በመቁረጥ ከ1 ወደ 5፣ በመግጠም ወደ 4፣ በመለየት ወደ 3 ወጣች። ችግሯ አለመማር ነበር። ሦስተኛው ልጅ ግን በመግጠም አንዲት ጨመረ እንጂ ሌላው ባለበት ቆመ። ልዩ ክትትል የሚያሻው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር መጣራት አለበት፤ ልጁ ይሰማል ወይ? ለዚህ «ቀበሮ» እና «ከበሮ» ይጠቅማሉ፤ የሚለያዩት በ«ቀ» እና በ«ከ» ብቻ ነው። ሁለቱን በወረቀት ሥሎ ከፊቱ ማስቀመጥ፣ ከኋላው አንድ እርምጃ ርቆ መቆምና ቃሎቹን እያቀላቀሉ 10 ጊዜ መጥራት ነው። ልጁ በጣቱ ያመለክታል። ከኋላ የምንቆመው ከንፈራችንን እንዳያነብብ ነው። በግምት የሚመልስ ልጅ ግማሽ ያህሉን ያገኛል፤ ስለዚህ 5 ወይም 6 ማግኘት ምንም አያስመካም። እንዲህ ያለውን፣ በተለይም ጆሮው የሚመግል ከሆነ፣ ወላጁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው መንገር ይገባል። የእኛው ልጅ 9 አገኘ። መስማቱ ደህና ይመስላል፤ የከበደው የሰማውን መቆራረጥ ነው።

ለእሱ የተደረገው ቀላል ነው። በመግጠም ብቻ፣ በሁለት ቁራጭ ቃላት፣ ለብቻው በየቀኑ 5 ደቂቃ እንዲሠራ የክፍሉ መምህርት ተስማሙ። እናቱም ሲመጡ ልጁ አፉን የፈታው ዘግይቶ እንደሆነ፣ ከታላላቆቹም ማንበብ ያስቸገረው እንዳለ ተጠየቁ። የማንበብ ችግር በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ጠባይ አለውና። ይሁንና ይህ ሙከራ የሐኪም ምርመራ አይደለም፤ ለበሽታ ስም አያወጣም። ለማን ጊዜ መጨመር እንዳለብን ብቻ ያሳየናል።

«60 ልጅ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ለአንድ ልጅ 5 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ሌሎቹ ከሰሌዳ ሲገለብጡ በቀን 5 ልጅ ቢታይ በ12 የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። ፈተናው በማዕዘን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይሁን፤ የጎረቤቱን መልስ የሰማ ልጅ ያንኑ ይደግማልና።

አራቱን የተወጣ ልጅ ደግሞ ወደ ፊደሉ ውስጥ መግባት አለበት። «በሬ»፣ «ቡና»፣ «ቢላ» በአንድ ተነባቢ እንደሚነሡና አናባቢው ብቻ እንደሚለያይ መስማት ከሁሉ ይከብዳል። በልጅነታችን በሰፈር የምንጫወተው የወፍ ቋንቋ እዚህ ላይ ይረዳል። «ሎሚ»ን «ሎዞሚዚ»፣ «ዶሮ»ን «ዶዞሮዞ» ስንል የፊደሏን አናባቢ ነጥለን ለ«ዝ» ማውረሳችን ነበር። ታላላቆቻቸው ያውቁታል፤ ትንንሾቹም በጥቂት ቀን ይለምዱታል።

ከእኛ መካከል ወደ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛና ሶማሊኛ ትምህርት ቤቶች የምትመደቡ ብዙዎች ናችሁ። በእነዚያ ቋንቋዎች ጽሑፉ ላቲን ስለሆነ አንዱ ድምፅ በአንድ ወይም በሁለት ሆሄ ይጻፋል፤ የቃል ምርጫውም ሌላ ይሆናል። በየቋንቋችሁ ለመቁረጥ የሚመቹ 10 ቃላት እየጻፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ብትለጥፉ፣ በሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ሁላችንም እንገለብጣቸዋለን።