ሁለት ሺው የምኑ ነው?

ዛሬ ስትቀባበሉት የዋላችሁት የብስኩት ፎቶ ላይ ያለው 2008 የአንድ ቀን ሙሉ ምግብ አይደለም። ከሥሩ «በቃ አንድ ፓኮ በልቶ ሳንጃ ሰሊጥ ሲያጭዱ መዋል ነው» የሚለው አስተያየት ያን ያህል ሰው ሲወደው ዝም ማለት አልቻልኩም። ቁጥሩ የተጻፈው በኪሎ ጁል ነው፤ «ሰው በቀን 2000 ያስፈልገዋል» የሚባለው ግን በኪሎ ካሎሪ። አንድ ኪሎ ካሎሪ 4.184 ኪሎ ጁል ነውና 2008 ለ4.184 ሲካፈል 480 ይሆናል። እሱም ቢሆን የ100 ግራም ሒሳብ ነው። ፓኮው 75 ግራም ስለሚመዝን በውስጡ ያለው 360 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም 1506 ኪሎ ጁል ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ግን ከጎኑ ያለችው «ከዕለት ፍላጎትዎ 18 በመቶ» የምትለዋ ደቃቅ ጽሑፍ ናት። የማን ፍላጎት? ለሁሉም ሰው የተቆረጠችው 2000 ኪሎ ካሎሪ ወይም 8368 ኪሎ ጁል ናት። ከደጋ ወርዶ በሳንጃ ሙቀት ማጭድ ይዞ ጎንበስ ብሎ የሚውል ወጣት በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ክብደቱ 55 ኪሎ፣ ዕድሜው 25 ነው እንበል። ለ18–30 ዓመት ወንድ በተለመደው ቀመር ክብደቱ በ15.057 ተባዝቶ 692.2 ሲደመርበት 1520 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። ይህ ምንም ሳይሠራ ተኝቶ ቢውል እንኳ ሰውነቱ የሚጨርሰው ነው። የዓለም የምግብና የጤና ድርጅቶች ከባድ የጉልበት ሥራን ይህንኑ ከ2 እስከ 2.4 ጊዜ በማባዛት ያሰሉታል። በ2.2 ስናባዛው 3345 ኪሎ ካሎሪ፣ ወደ ኪሎ ጁል ሲለወጥ 14,000 ገደማ ነው። ለእሱ ፓኮው 18 ሳይሆን 11 በመቶ እንኳ አይሞላም። ቀኑን በብስኩት ብቻ ልሸፍን ቢል ዘጠኝ ፓኮ በልቶም ይጎድለዋል።

«ቀመሩ አማካይ ነው፣ ሰው ይለያያል» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ሁለት እኩል የሚመዝኑ ሰዎች እንኳ እኩል አያወጡም፣ ዝናብ የጣለ ዕለትም ሥራ የለም። ግን ልዩነቱ 14,000ውን ወደ 8368 አያወርደውም። መለኪያው ደግሞ ሩቅ አይደለም፦ አጫጁ ሥራ ሲጀምርና አጨዳው ሲያልቅ ሚዛን ላይ ይውጣ። ሳይታመም ኪሎው ከወረደ የበላው ካወጣው አንሷል፤ የጎደለውን የከፈለው ከገዛ ሰውነቱ ነው። ቀለብ ችላችሁ ሠራተኛ የምታስገቡ ባለ እርሻዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ቀለቡን ስትቆርጡ ፓኮው ላይ ያለውን መቶኛ ተዉት፤ የሰውየውን ክብደትና የሚውልበትን ሥራ እዩ።