የደመወዙ ደብዳቤና የቤታችን ሒሳብ

ደመወዝ በአንድ ቍጥር ይነገራል፤ ኑሮ ግን በብዙ ቍጥር ይኖራል። ይህን ስንጽፍ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሌላውን ለመምከር አይደለም። እኛው ራሳችን በ2008 ዓ.ም. የደመወዙን ቍጥር ብቻ ተመልክተን ቤተ ሰባችንን ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ወሰድን፤ ከአሥር ወርም በኋላ፥ ግንብ ጀምሮ መጨረስ እንዳቃተው ሰው፥ የቤት ዕቃችንን በርካሽ ሸጠን ባለዕዳ ሆነን ተመለስን። ያን ጊዜ ገንዘቡ በየት በኩል እንዳለቀ እንኳ በቅጡ አናውቅም ነበር።

በ2018 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሁለተኛ ደብዳቤ መጣልን። በአራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ በ32,000 ብር ደመወዝ ሊቀጥረን እንደሚወድ ገለጠ። በአዳማ የምናገኘው 14,000 ብር ነው። እውነቱን ለመናገር፥ ደብዳቤውን እንዳነበብን ልባችን ተነሥቶ ሄዶ ነበር። ነገር ግን የፊተኛው ስሕተት ገና ያቃጥለን ስለ ነበር፥ በዚያው ምሽት ከባለቤታችን ጋር የልጆቹን ደብተር ከፍተን ሒሳቡን በጽሑፍ ጀመርን።

በመጀመሪያ የመረመርነው በእጅ የሚገባውን ገንዘብ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት፥ ከወር ደመወዝ ላይ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በኋላ ግብሩ በየደረጃው እየጨመረ ሄዶ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ሁሉ 35 በመቶ ይከፈልበታል። ለጡረታም ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቀነሳል። ስለዚህ ከ14,000 ብሩ ላይ ግብሩ 2,850፥ ጡረታው 980 ሆኖ ለእኛ የሚደርሰን 10,170 ብር ነው። ከ32,000 ብሩ ላይ ደግሞ ግብሩ 9,150፥ ጡረታው 2,240 ይሆንና 20,610 ብር ይቀራል። ደብዳቤው የጨመረልን 18,000 ብር ሲሆን ወደ ቤታችን የሚገባው ጭማሪ ግን 10,440 ብር ብቻ ሆነ። ይኸውም ከ14,000 በላይ ከሚጨመረው ከያንዳንዱ 100 ብር ወደ እጅ የሚመጣው 58 ብር ነው ማለት ነው። የጡረታው ገንዘብ ጠፍቶ የሚቀር ባይሆንም፥ የዛሬውን የቤት ኪራይ ሊከፍል አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ቤቱና መንገዱ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ለያይቶ መቍጠር ደግሞ የፊተኛው ስሕተታችን ሥር ነበር። በአዳማ የምንኖረው በአማታችን ግቢ ውስጥ ነው፤ የምንከፍለውም የውሃና የመብራት ብቻ ነው። ወደ ትምህርት ቤታችንም በእግር 20 ደቂቃ እንሄዳለን። በአዲስ አበባ ያገኘነው ኪራዩ የሚቻል ቤት በቱሉ ዲምቱ በወር 7,000 ብር የሚከራይ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚያ እስከ አራት ኪሎ ታክሲ እየለወጡ መሄድ ግድ ነው።

ቤቱን ያየነው እሑድ ስለ ነበረ፥ ያን ዕለት መንገዱን በ50 ደቂቃ ጨረስነው። ደላላውም «ይኸው፥ ቅርብ ነው» አለን። እኛ ግን እሑድ ማታ እዚያው ሰፈር ከአንድ ወዳጃችን ዘንድ አድረን፥ ሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲሆን ከቤቱ ደጃፍ ሰዓታችንን ይዘን ተነሣን። በሰልፉ ብቻ 35 ደቂቃ ቆምን፤ ከትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ 1 ሰዓት ከ40 ሆኗል። ሥራ የሚፈልግ ሰው መንገድን መለካት ያለበት ትምህርት ቤቶች ክፍት በሆኑበት ወራት፥ በሥራ ቀን፥ በመግቢያ ሰዓት፥ ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ነው። ታክሲው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ያለውን ጊዜ ብቻ የሚቈጥር ሰው ራሱን ያታልላል።

ለደርሶ መልስ በቀን 100 ብር ቢወጣ፥ በ22 የሥራ ቀን 2,200 ብር ይሆናል። ሰዓቱም በወር ወደ 73 ይደርሳል። አሁን በእግራችን የምንሄድበት ጊዜ ሲቀነስለት፥ አዲሱ መንገድ 58 ሰዓት ያህል ይጨምርብናል፤ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ይህ የሰባት ቀን ያልተከፈለበት ሥራ ነው። ለአራት ኪሎ ቀረብ ያለ ቤት ብንጠይቅ ኪራዩ 15,000 ብር ሆነ። ከሩቁ ቤት 8,000 ብር ይበልጣል፤ የታክሲው 2,200 ብር ሲነሣለት 5,800 ብር ይቀራል። ስለዚህ ቅርብ ቤት ብንይዝ 58ቱን ሰዓት እያንዳንዱን በ100 ብር እንደ ገዛን ይቈጠራል። ይህን ሰዓት ሸጦ ከ100 ብር በላይ የሚያገኝበት ሰው ቅርቡ ቤት ይረክስለታል፤ እኛ ግን ያን ያህል የማስጠናት ሥራ ስላልነበረን የሩቁን ቤት ይዘን ሒሳቡን ቀጠልን።

ሦስተኛው፥ በ2008 ዓ.ም. ከቶ ያልቈጠርነው ነገር፥ በነጻ የምናገኘው ነው። በነጻ የሚገኝ ነገር ደረሰኝ ስለሌለው በሒሳብ ደብተር አይገባም፤ የሚታወቀው ሲታጣ ነው። የሦስት ዓመት ልጃችንን ቀን የሚይዙልን አማታችን ናቸው። በአዲስ አበባ ለሞግዚት ቢያንስ 3,500 ብር እንደሚያስፈልግ ጠይቀን ተረዳን። ባለቤታችንም ልብስ በመስፋት በወር 3,000 ብር ያህል ታገኛለች። የስፌት መኪናዋን በመኪና ጭኖ መውሰድ ይቻላል፤ ደንበኞቿን ግን ማንም ጭኖ አይወስድላትም። አዲስ ሰፈር ሰው እስኪያውቃት ድረስ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ይህ ገቢ እንደማይኖር ቈጠርን።

አራተኛው የመጓጓዣው ወጪ ነው። ለጭነት መኪና 9,000፥ ለጫኝና አውራጅ 3,000፥ ለደላላ 2,000፥ ለመጋረጃ፥ ለቍልፍና ለውሃ ማጠራቀሚያ 5,000፤ በጠቅላላው 19,000 ብር ሆነ። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ስለ ሆነ በእርግጥ በምንቀመጥበት ወር መጠን መከፋፈል ይገባዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ፥ እኛም በ24 ወር አካፍለን በወር 790 ብር ያህል መደብንለት። አዋጁ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል፤ ነገር ግን ሁለት ወሩ ራሱ 14,000 ብር ነው። ይህ ኪራይ ሆኖ የሚታሰብ እንጂ የሚጠፋ ባይሆንም፥ የመጀመሪያው ደመወዝ ሳይመጣ 33,000 ብር በእጅ መገኘት አለበት። በፊተኛው ጊዜ የተበደርነው በዚህ በር በኩል ነበር።

እንግዲህ ደመርን፤ ኪራይ 7,000፥ ታክሲ 2,200፥ ሞግዚት 3,500፥ የቀረ የስፌት ገቢ 3,000፥ የመጓጓዣ ድርሻ 790፤ በአንድነት 16,490 ብር። የምናገኘው ጭማሪ 10,440 ብር ነበረ። ስለዚህ ደመወዛችን ከእጥፍ በላይ ሆኖ ሳለ በየወሩ 6,050 ብር እንደኸያለን። ባለቤታችን ሥራዋን መልሳ ብታቀና እንኳ ጕድለቱ ከ3,000 ብር አያንስም። ኑሯችን እንዳለ እንዲቈይ ብቻ ምን ያህል ደመወዝ መጠየቅ እንዳለብን ስናሰላ፥ ከ100 ብር 58 ብቻ የሚደርሰን ስለ ሆነ፥ 6,050 ብር በእጅ ለማግኘት ደመወዙ ላይ ከ10,400 ብር በላይ መጨመር ነበረበት፤ ማለት ወደ 42,400 ብር። ይህን ጽፈን ብንልክ ትምህርት ቤቱ እንደማይችል በትሕትና መለሰ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። ግን አንድ ሌላ መንገድ ቀርቶ ነበር፤ ይኸውም ቤተ ሰቡ በአዳማ ተቀምጦ እኛ ብቻችንን አዲስ አበባ መሄድ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ሁለቱን ከተሞች ስላቀራረበ ይህን የሚያደርጉ አባቶች ብዙ ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄደን ዓርብ ማታ ብንመለስ፥ ለአንዲት ክፍል ኪራይ 3,500፥ ከቤት ውጭ በመብላት ለሚጨምረው ወጪ 3,500፥ ለአራት ጊዜ ደርሶ መልስ 2,400፤ ድምሩ 9,400 ብር ሆነ። ከ10,440 ሲቀነስ 1,040 ብር ተረፈ። ወረቀቱ «ሂድ» አለ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። የልጆቹ ትምህርት እየከበደ ነው፤ አንድ ሺህ ብርም ቢሆን ገንዘብ ነው። ጠዋት ለባለቤታችን ቍጥሩን ስናሳያት፥ እርሷ የጠየቀችን ስለ ብሩ አልነበረም። «በወር ስንት ሌሊት ነው?» አለች። ቈጠርን፤ ሃያ ሌሊት። 1,040ውን ለሃያ ብናካፍለው 52 ብር ደረሰ። «አንድ ሌሊት ልጁ ቢያተኵሰውና ብጠራህ መጥተህ የምትመለስበት ስድስት መቶ ብር አይደለምን?» አለችን። እውነትዋን ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥሪ በወር ሁለት ጊዜ ቢያጋጥም ትርፉ ከነሥሩ ይነቀላል። ከሁለት ትኵሳት የሚያንስ ትርፍ ትርፍ አይባልም። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ስንደምርና ስንቀንስ ሌሊቶቹን ራሳቸውን አልቈጠርናቸውም ነበር።

ደብዳቤውን ግን አልቀደድነውም። በትምህርት ቤታችን አንድ ወጣት መምህር አለ፤ ትዳር ገና አልያዘም፥ እኅቱም ከአራት ኪሎ በእግር በሚደረስበት ሰፈር ትኖራለች፥ ትርፍ ክፍልም አላት። ለእርሱ ታክሲ የለም፥ ሞግዚት የለም፥ የሚቋረጥ የስፌት ገቢ የለም፤ ዕቃውም ሁለት ሻንጣ ነው። ለእኅቱ ለቀለብና ለቤት በወር 4,000 ብር ቢሰጣት እንኳ ከጭማሪው የሚበልጠው እጅ ለእርሱ ይተርፈዋል። ስሙን ለትምህርት ቤቱ ጻፍንላቸው፤ ከየካቲት ጀምሮ በዚያ ያስተምራል። ደመወዙም ሥራውም አንድ ሲሆን፥ ለእርሱ ሲሳይ የሆነው ለእኛ ዕዳ ይሆንብን ነበር።

የሒሳቡን ደብተር ለልጆቹ አልመለስንላቸውም፤ ከአማታችን ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። አማታችን ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቁን፤ ልጁን ለመያዝ የእርሳቸው ዋጋ በወር 3,500 ብር ተብሎ እንደ ተጻፈ ስንነግራቸው እጅግ ሳቁ። ከዚያም ዝም ብለው ቆይተው፥ «ርካሽ አድርጋችሁኛል፤ ልጄ» አሉን። እኛም ይህን ለማረም እስከ ዛሬ ሌላ ቍጥር አላገኘንም።