የባንክ ደብተር ወይስ የሕይወት መድን?

በቤታችን ደመወዝ የሚያመጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሁለተኛ ዲግሪውን እስኪጨርስ የአሥራ አራት ወር ልጃችንን ይዞ ቤት ይውላል። ከወር ወጪያችን የምትተርፈው 3,000 ብር ናት። እሷን ባንክ እናስቀምጥ ወይስ የሕይወት መድን እንግባባት በሚለው ላይ ሁለት ሳምንት ተከራከርን።

ባለቤቴ የባንኩ ወገን ነበር። «ካልሞትሽ ብሩ የት ይሄዳል?» አለኝ። እውነቱን ነው። የጊዜ ገደብ ያለው የሕይወት መድን ጊዜው ሲያልቅ በሕይወት ላለ ሰው የሚመልሰው ነገር የለም። ቁጠባ የተጨመረበት ዓይነትም አለ፤ ለዚያው ሽፋን የሚከፈለው ዓረቦን ግን በጣም ይወደዳል።

እኔ ደግሞ ወረቀት ይዤ አሰላሁ። በየወሩ 3,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ ብናስቀምጥ በሦስት ዓመት 120,000 ብር ገደማ ይሆናል። የቤታችን ወጪ በወር 25,000 ብር ስለሆነ ያ ሁሉ ቁጠባ አምስት ወር አያኖርም። በሁለተኛው ወር ብሞትማ የአንድ ሳምንት አስቤዛ ነው። ለ15 ዓመት የ1.5 ሚሊዮን ብር ሽፋን የተጠየቅሁት ዓረቦን በዕድሜዬና በጤናዬ ተሰልቶ በዓመት 9,000 ብር፣ በወር ሲካፈል 750 ብር ነው። ውሉ ከጸና በኋላ በሁለተኛው ወርም ብሞት የሚከፈለው ሙሉው ገንዘብ ነው፤ በዛሬው ዋጋ የአምስት ዓመት ወጪያችን። «በዛሬው ዋጋ» ያልኩት የኑሮ ውድነቱ ገንዘቡን ስለሚበላው ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ ሽፋኑን ከፍ ማድረግ ሳያስፈልገን አይቀርም።

ባለቤቴን ያሸነፈው ግን ስሌቱ አልነበረም። የባንክ ሒሳቡ በእኔ ስም ብቻ ነው። እኔ ከሞትኩ ባንኩ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሳያይ ለእሱም ቢሆን ብሩን አይሰጥም። በመድን ውሉ ላይ ግን ተጠቃሚ ተብሎ ስሙ ከተጻፈ፣ ሰነዶቹን አቅርቦ በቀጥታ ይጠይቃል። (ሕፃን ልጅን ብቻ ተጠቃሚ አድርጎ መጻፍ የሞግዚት ጉዳይ ስለሚያስከትል እሱን አስቀደምነው።)

መድኑ ሥራዬን ባጣ ወይም ልጃችን ብትታመም አምስት ሳንቲም አይሰጥም። ስለዚህ ቀሪው 2,250 ብር ባንክ ይገባል።

የጤና ቅጹን ስሞላ የደም ግፊቴንም ጻፍኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ምን አስለፈለፈሽ? ዋጋ ያስጨምሩብሻል» ብላኝ ነበር። የተደበቀ በሽታ የሚጎዳው ግን እኔን ሳይሆን በኋላ ካሳ የሚጠይቀውን ባለቤቴን ነው። ዓረቦኑ በጊዜው ካልተከፈለም ውሉ ስለሚቋረጥ፣ በየዓመቱ ከሒሳቤ ራሱ እንዲቆረጥ ባንኩን አዝዣለሁ።

መሥሪያ ቤቴም ለሠራተኞቹ የቡድን የሕይወት መድን ገብቷል። እሱን ከሒሳቡ ያስወጣሁት ሥራ የለቀቅሁ ቀን አብሮኝ ስለማይወጣ ነው። ባለቤቴ ሥራ ሲይዝ ደግሞ የእሱን እናሰላለን።