ከብረቱ ጋር የፈሰሰ ፊደል

የፍሬን ታምቡር ጀርባ ላይ ጎላ ብሎ የሚነበበው ቁጥር የታምቡሩ ልክ አይደለም። አብዛኛው ሰው ግን እንደ ልክ ቆጥሮ ያንኑ ለነጋዴ ይልካል።

እኔ ነገሩን የተረዳሁት መራዊ ውስጥ፣ የአጎቴ ልጅ የሚነዳው ዶልፊን ሚኒባስ የኋላ ታምቡር ሲፈታ ነው። መካኒኩ ውጭውን በሽቦ ብሩሽና በቤንዚን አጸዳው። ግራይንደር ልስጥህ ቢባል አሻፈረኝ አለ፤ ፊደሉን ይበላዋላ። ከዚያ ደረቅ ጠመኔ አሸበት፤ ወጣ ያሉት ፊደሎች ነጡ፣ ዙሪያቸው ጥቁር ሆኖ ቀረ። የስልክ ባትሪውን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አበራልን። ከፊት የበራ መብራት ሁሉንም ነገር ልሙጥ ያደርገዋል፤ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ጥላ ይጥላል። ያኔ ነው ፎቶ የሚነሳው።

ፎቶው ላይ ሁለት ጽሑፍ ተነበበ፦ FC250 እና MAX DIA 256mm።

የአጎቴ ልጅ FC250 የሚለውን ጎግል ላይ ጻፈውና የፓምፕ ገላ፣ የማሽን እግር፣ ምኑም ምናምኑም መጣለት። አይገርምም። FC በጃፓን ደረጃ ተራ የተቀለጠ ብረት ማለት ነው፤ 250 ደግሞ የመሳብ ጥንካሬው። የብረቱን ዓይነት እንጂ የዕቃውን ማንነት አይናገርም።

256 ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወጣ ያሉ ፊደሎች የሚጻፉት ብረቱ ከመኖሩ በፊት ነው፤ የቀለጠው ብረት በሚፈስበት ቅርጽ ላይ ይሠራሉ፣ ከብረቱ ጋር አብረው ይፈስሳሉ። ታምቡሩ ውስጡ በቶርኖ ተስተካክሎ ትክክለኛ ስፋቱን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ያ ጽሑፍ የሚነግረን የዕድሜውን ጣሪያ ነው፦ የፍሬን ሸራው እየፋቀ እየፋቀ ውስጡን 256 ሚሊ ሜትር ካደረሰው፣ ይጣል። አዲሱ ሲመጣ 254 ነው። በየጎኑ አንዲት ሚሊ ሜትር ብቻ እንድትበላ ተፈቅዷል።

"ጋሼ፣ ታዲያ የኛው ስንት ደርሷል?" አለ የአጎቴ ልጅ።

መካኒኩ በካሊፐር ሁለት ቦታ ለካ። መጀመሪያ ሸራው የማይደርስበትን የጠርዙን ከንፈር፦ 254። ያ ሸራው ያልበላው የልደት ልኩ ነው። ቀጥሎ ሸራው የሚሄድበትን፦ 256.8። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላት ለስላሳ ያደርገው ይሆናል እንጂ ይበልጥ ያሰፋዋል። ከጣሪያው ያለፈ ታምቡር ስስ ነው፤ ቶሎ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ ያውም ሰው ሞልቶ ቁልቁል ሲወርድ።

ወደ አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ የላክነው እንግዲህ ፎቶና ልክ አንድ ላይ ነው። አንድ ፎቶ ከጀርባ ቀጥ ብሎ፣ አንድ ከውስጥ፣ አንድ ከጎን ጥልቀቱን የሚያሳይ፣ ሁሉም ላይ ማስመሪያ ተቀምጦ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ ይጨመቅና 6ቱ 8 ይመስላል።

የጎማ ብሎን ቀዳዳዎቹም ይቆጠራሉ፤ ሃያስ ባለአምስትም ባለስድስትም አለውና ስሙ ብቻ አይበቃም። የኛ ባለስድስት ነው። በባለስድስት፣ ከአንዱ ቀዳዳ የውስጥ ጠርዝ እስከ ትይዩው ቀዳዳ የውጭ ጠርዝ ከለካችሁ ከመሐል እስከ መሐል ያለውን ታገኛላችሁ። 139.7 ወጣ። በባለአምስት ትይዩ ቀዳዳ ስለሌለ ይህ ዘዴ አይሠራም። የመሐሉን ትልቅ ቀዳዳ ስፋትም ጨመርንበት፤ እሱ ከጠበበ ታምቡሩ ቦታው ላይ አይገባም።

ነጋዴው ፎቶውን አይቶ ጥያቄ አላበዛም። ቶዮታ የዕቃ ቁጥሮቹን በአምስት በአምስት አሃዝ ነው የሚከፍላቸው፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፣ የኋላ ታምቡር 42431 ነው። ይህ ቁጥር ካርቶኑ ላይ እንጂ ብረቱ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። እሱ ግን ከልካችን ተነስቶ ከመኪና የተፈታ አንድ ታምቡር አገኘልን፤ 254.6 ብሎ ለክቶ ላከ። ገና 1.4 ሚሊ ሜትር ይቀረዋል ማለት ነው።

ፎቶ የማያሳየው ግን ስንጥቅን ነው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ በዘይትና በአቧራ ሥር ይደበቃል። ፊደሉም ዋስትና አይሆንም፤ ከኦሪጅናሉ ቅርጽ የሚወስድ ሰው ፊደሉንም አብሮ ሊወስደው ይችላል። መካኒኩ ለዚህ የጠየቀው ፎቶ አይደለም። "በገመድ አንጠልጥለህ በመዶሻ ቀስ አድርገህ ምታውና ድምፁን ቀድተህ ላክልኝ" አለው ነጋዴውን። ጤነኛ ታምቡር እንደ ደወል ይጮሃል፣ ድምፁም ይቆያል። የተሰነጠቀው ድፍን ብሎ ይቀራል።

የድምፅ መልእክቱ አራት ሰከንድ ነበር። ሦስቱ ሰከንድ ጩኸቱ እስኪሞት የጠበቅንበት ነው።